የቢፒኤምኤን ሞዴል ጌትዌይን፣ ክስተትንና የመልእክት ፍሰትን በትክክል መጠቀሙን ስለመገምገም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢፒኤምኤን የሥራ ሂደትን በተወሰኑ ምልክቶች ለመሣል የሚያገለግል ደንብ ነው። በእርሱ የተሣሉ የሥራ ሂደት ሞዴሎችን የሚገመግሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ምሳሌዎቹ በሙሉ የተወሰዱት ከአንድ የብድር ማመልከቻ ሂደት ነው።

አንድ ሞዴል «ትክክል ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ገምጋሚው ስለ የትኛው እየተናገረ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት። የመጀመሪያው ሥዕሉ የቢፒኤምኤንን ደንብ መጠበቁ ነው፤ ለምሳሌ የሥራዎቹን ተራ የሚያሳየው ቀስት፣ ማለትም የቅደም ተከተል ፍሰት፣ የአንድ ተሳታፊ ሂደት ከሚሣልበት ሳጥን፣ ማለትም ከአንድ ፑል፣ ወጥቶ ሌላ ፑል ውስጥ ከገባ ስህተት መሆኑ አያከራክርም። ሁለተኛው የተሣለው ሂደት በሥራ ላይ ሲውል ሳይቆለፍና አንዱን ሥራ ሳያስፈልግ ሳይደጋግም እስከ መጨረሻው መድረስ መቻሉ ነው። ሦስተኛው ሞዴሉ በሥራ ቦታው የሚደረገውን ነገር በእውነት መግለጹ ሲሆን፣ ይህ ሥራውን የሚሠሩትን ሰዎች ሳይጠይቁ ሊታወቅ አይችልም። ከልምዴ እንዳየሁት አብዛኛው ገምጋሚ ጊዜውን የሚያጠፋው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

መመዘኛው የኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቢፒኤምኤን 2.0 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አይኤስኦ/አይኢሲ 19510 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ደረጃው የሂደትን አካሄድ የሚያስረዳው «ቶከን» በሚባል የሐሳብ መሣሪያ ነው፦ ሂደቱ ሲጀመር አንድ ቶከን ይወለዳል፣ በቀስቶቹ እየተጓዘ በየተግባሩ ያልፋል፣ በማብቂያ ክስተት ላይም ይጠፋል። ሞዴሉን በወረቀት አትሞ በላዩ ላይ ሳንቲም እያንቀሳቀሱ መከተል የልጅ ጨዋታ ቢመስልም፣ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚታዩት በዚህ መንገድ ነው።

ግምገማውን ከየት ልጀምር?

ከመነሻውና ከማብቂያዎቹ ይጀመራል። ምሳሌያችን የአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሂደት ነው። ሂደቱ «የብድር ማመልከቻ ደረሰ» በሚል የመልእክት መነሻ ክስተት ይጀምራል፤ የብድር ክፍሉ ሰነዱን ይመረምራል፤ ሰነድ ከጎደለ አመልካቹ እንዲያሟላ ይጠየቃል፤ ከተሟላ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉ የቁጠባ ታሪኩን ሲያጣራ የብድር ክፍሉ ጎን ለጎን ዋስትናውን በውጭ ገማች ያስገምታል፤ ሁለቱ ሲያልቁ የብድር ኮሚቴው ይወስናል፤ ውሳኔውም ለአመልካቹ በደብዳቤ ይነገራል።

መጀመሪያ የማብቂያ ክስተቶቹን ስም አንብቡ። እዚህ ሂደት ላይ «ብድር ተፈቀደ»፣ «ብድር ተከለከለ» እና «ማመልከቻው ሳይሟላ ተዘጋ» የሚሉ ሦስት የተለያዩ ፍጻሜዎች መኖር አለባቸው። ሁሉም ቀስት «መጨረሻ» ወደተባለ አንድ ክብ ከሄደ፣ ሣዩ ውጤቶቹን ለይቶ አላሰበም ማለት ስለሆነ መንገድ በሚከፍሉትና በሚያገናኙት የአልማዝ ቅርጽ ምልክቶች፣ ማለትም በጌትዌዮቹም ላይ ችግር መጠበቅ ይገባል። ከዚያ መንገድ የሚከፍለውን እያንዳንዱን ጌትዌይ መልሶ ከሚያገናኘው ጋር አጣምሩ፤ የመልእክት ፍሰቶቹን በመጨረሻ ተመልከቱ፤ ምክንያቱም የውስጡ ሂደት ሳይስተካከል ስለ መልእክቱ መነጋገር ትርፍ የለውም።

ጌትዌይ ውሳኔ ይሰጣል?

አይሰጥም። ጌትዌይ የመንገድ መገንጠያ እንጂ ሠራተኛ አይደለም፤ ጊዜ አይወስድም፣ ማንም አይሠራውም፣ ከእርሱ በፊት የታወቀን መረጃ ብቻ አይቶ ቶከኑን ወደ አንዱ መንገድ ይሰደዋል። ስለዚህ «ብድሩ ይፈቀዳል?» ከሚለው የኤክስ ምልክት ያለው ጌትዌይ በፊት «ማመልከቻውን መወሰን» የሚል ተግባር ከሌለ፣ ኮሚቴው የሚሠራው ሥራ ከሞዴሉ ጠፍቷል ማለት ነው። የዚህ ጥፋት ውጤት በኋላ ይታያል፦ የሥራ ጊዜ ሲሰላ የኮሚቴው ስብሰባ ዜሮ ደቂቃ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የመውጫ ቀስቶቹ ላይ የተጻፉት ሁኔታዎች ይታያሉ። አንድ ሞዴል ላይ አንዱ ቀስት «ከ50,000 ብር በታች»፣ ሌላው «ከ50,000 ብር በላይ» ይል ነበር። ልክ 50,000 ብር የጠየቀ ሰው በየትኛው ይሄዳል? የትኛውም ሁኔታ እውነት ካልሆነና ነባሪ መንገድ ካልተሣለ፣ በደረጃው መሠረት ሂደቱ ስህተት ተፈጥሮበት ይቆማል። ነባሪው መንገድ ቀስቱ በሚነሳበት ቦታ ላይ ባለች አጭር ሰያፍ መስመር ይታወቃል። በፋይሉ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፦

```xml
<exclusiveGateway id="G1" default="F3" />
<sequenceFlow id="F3" sourceRef="G1" targetRef="T4" />
```

ነባሪ መንገድ መኖሩ ግን ሁልጊዜ ጤና አይደለም፤ ሣዩ ያላሰበውን ጉዳይ ሁሉ የሚጥልበት ጉድጓድ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ መንገድ ማን እንደሚሄድ ስሙን እንዲጠራ ሣዩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመደመር ምልክት የተከፈለ መንገድ በኤክስ ቢገናኝ፣ ወይም በተቃራኒው ቢሆን፣ ምን ይፈጠራል?

የመደመር ምልክት ያለው ትይዩ ጌትዌይ መንገድ ሲከፍል አንዱን ቶከን በመውጫዎቹ ቁጥር ያባዛዋል፤ ሲያገናኝ ደግሞ ከእያንዳንዱ መግቢያ አንድ አንድ ቶከን እስኪመጣ ይጠብቃል። የኤክስ ጌትዌይ ግን ሲያገናኝ አይጠብቅም፤ የመጣለትን ሁሉ ወዲያው ያሳልፋል። በምሳሌያችን የቁጠባ ማጣራቱና የዋስትና ግመታው በመደመር ተከፍለው በኤክስ ቢገናኙ፣ የቁጠባ ማጣራቱ በሁለት ቀን አልቆ ቶከኑ ወደ ኮሚቴው ይሄዳል፤ ኮሚቴው ዋስትናው ሳይታወቅ ይወስናል፤ በሳምንቱ ግመታው ሲያልቅ ሁለተኛው ቶከን ይደርስና ኮሚቴው ያንኑ ማመልከቻ እንደገና ይወስናል። አመልካቹ ሁለት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ደብዳቤዎች የሚናገሩት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል።

በተቃራኒው በኤክስ የተከፈለ መንገድ በመደመር ሲገናኝ ሂደቱ ይቆለፋል፤ የመጣው ቶከን አንድ ብቻ ሲሆን አገናኙ ሁለተኛውን ለዘለዓለም ይጠብቃል። ይህ ቅርጽ አጠገብ ለአጠገብ ሲሣል ማንም ያየዋል። የሚያስቸግረው ተሸፍኖ ሲመጣ ነው። የተለመደው እንዲህ ነው፦ መንገዱ በመደመር ይከፈላል፣ በመደመርም ይገናኛል፣ ላይ ላዩን ሲታይ ጥንዱ የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን በዋስትናው መንገድ መሐል «ዋስትናው በቂ ነው?» የሚል የኤክስ ጌትዌይ ገብቶ «አይደለም» የሚለው ቀስት በቀጥታ ወደ «ብድር ተከለከለ» ማብቂያ ይወጣል። ዋስትናው በቂ ባልሆነ ቁጥር የዋስትናው ቶከን በማብቂያው ላይ ይጠፋል፣ የቁጠባው ቶከን ደግሞ አገናኙ ዘንድ ደርሶ የማይመጣውን ባልንጀራውን ሲጠብቅ ይቀራል። ለአመልካቹ መልስ ተሰጥቷል፤ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን ጉዳዩ መቼም አይዘጋም።

ይህን ለመያዝ በመደመር ከተከፈለና በመደመር ከሚገናኝ ክልል ውስጥ አፈንግጦ የሚወጣ ወይም ከውጭ ዘልቆ የሚገባ ቀስት መኖሩን ፈልጉ። ከተገኘ በጥርጣሬ ይታይ። ማስተካከያው በአብዛኛው ቀላል ነው፦ ግመታው ውጤቱን ብቻ መዝግቦ ወደ አገናኙ ይቀጥላል፣ «በቂ ነው?» የሚለው ጥያቄም ከአገናኙ በኋላ ይመጣል። ዋስትናው እንደወደቀ የቁጠባ ማጣራቱም ወዲያው እንዲቆም ከተፈለገ ሌላ መፍትሔ አለ፤ እርሱን ስለ ማብቂያ በሚናገረው ጥያቄ ላይ እናየዋለን።

ጌትዌይ ሳይኖር ሁለት ቀስት ወደ አንድ ተግባር ቢገባ ስህተት ነው?

ደንቡ ይፈቅደዋል፤ ትርጉሙ ግን ብዙ ሣዮች ከሚያስቡት ይለያል። ወደ አንድ ተግባር የሚገቡ ሁለት ቀስቶች እንደ ኤክስ አገናኝ ይቆጠራሉ፣ ማለትም ተግባሩ ቶከን በደረሰው ቁጥር ይሠራል። ከአንድ ተግባር ያለ ሁኔታ የሚወጡ ሁለት ቀስቶች ደግሞ እንደ ትይዩ መክፈያ ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንድ ተግባር ሁለት ቀስት አስወጥቶ፣ ሁለቱ መንገዶች ሌላ ተግባር ላይ ቢገናኙ፣ ያለ ምንም ጌትዌይ ከላይ የተገለጸው የሁለት ደብዳቤ ችግር ይፈጠራል።

ከመሐል ወደ ኋላ የሚመለስ ዑደት ሲሆን ያለ ጌትዌይ መግባቱን ባልቃወምም፣ ቢሣል የበለጠ ይነበባል።

የክብ ምልክት ያለው አካታች ጌትዌይ መቼ ነው ተገቢ የሚሆነው?

ከመንገዶቹ አንዱም፣ ጥቂቶቹም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊመረጡ የሚችሉ ሲሆን ብቻ ነው። አመልካቹ ቤት፣ የደመወዝ ዋስና የሌላ አባል ቁጠባ በፈለገው ቅንጅት ማቅረብ ከቻለ፣ የዋስትናውን ምርመራ በአካታች ጌትዌይ መክፈል ትክክል ነው፤ የሚያገናኘውም አካታች መሆን አለበት። አገናኙ የሚጠብቀው ገና ሊደርሱበት የሚችሉትን ቶከኖች ብቻ ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ከእርሱ በፊት ያለውን የሞዴል ክፍል በሙሉ ማየት ስላለበት፣ ዑደት ውስጥ ሲገባ ሰውም ሶፍትዌርም ግራ ይጋባል። ሣዩ «ኤክስ ይሁን መደመር እርግጠኛ ስላልሆንኩ» ብሎ ከመረጠው ግን መልሱ የተሳሳተ ነው።

ክስተትን ከተግባር፣ «ያዥ» ክስተትን ከ«ላኪ» እንዴት ልለይ?

ተግባር የሚሠራ ሥራ ነው፤ ክስተት የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ «ዋስትናውን ማስገመት» ተግባር ሲሆን «ግመታው ደረሰ» ክስተት ነው። ክስተቱ ላይ የተጻፈው ስም በትእዛዝ መልክ ከመጣ፣ ለምሳሌ ክቡ ላይ «ሰነዱን መርምር» ከተባለ፣ ሣዩ ሁለቱን አቀላቅሏል።

በመሐል ባሉ ክስተቶች ላይ፣ በድርቡ ክብ ውስጥ ያለው ምልክት ባዶ ከሆነ ሂደቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጥቁር ከተሞላ ሂደቱ ራሱ ይልካል። ባዶ ፖስታ ያለበት ክስተት የሚገባ የመልእክት ፍሰት፣ የተሞላ ፖስታ ያለበት ደግሞ የሚወጣ የመልእክት ፍሰት ይኖረዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ መያዝ አይችልም። ሰዓት ሁልጊዜ የሚጠበቅ እንጂ የሚላክ ስላልሆነ ጥቁር የተሞላ ሰዓት የለም። የስህተት ክስተት ደግሞ በተራው ፍሰት መሐል አይቀመጥም፤ ቦታው የተግባር ጠርዝ፣ ማብቂያ ወይም የክስተት ንዑስ ሂደት መነሻ ነው።

የጊዜ ገደብን በፍሰቱ መሐል በማስቀመጥና በተግባሩ ጠርዝ ላይ በማስቀመጥ መካከል ምን ልዩነት አለ?

በፍሰቱ መሐል የተቀመጠ ሰዓት ገደብ አይደለም፤ የግዴታ ቆይታ ነው። «የጎደለ ሰነድ ጠይቅ» ከሚለው ተግባር ቀጥሎ «14 ቀን» የሚል ሰዓት፣ ከዚያም «ሰነዱን ተቀበል» የሚል ተግባር ቢሣል፣ ሰነዱን በማግስቱ ያመጣ ሰው አሥራ አራቱን ቀን ሙሉ ይጠብቃል ማለት ነው። ሣዩ ሊናገር የፈለገው «ቢበዛ 14 ቀን» ነበር፤ የተናገረው ግን «ልክ 14 ቀን» ነው።

በጠርዝ ላይ ያለ ሰዓት የሚቆጥረው ተግባሩ በሂደት ላይ እስካለ ድረስ ነው፤ ተግባሩ ቀድሞ ካለቀ ሰዓቱ ይሰረዛል። ክቡ በሙሉ መስመር ከተሣለ ሰዓቱ ሲደርስ ተግባሩ ይቋረጣል፤ በቁርጥራጭ መስመር ከተሣለ ግን ተግባሩ ይቀጥልና ተጨማሪ ቶከን ይወለዳል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይገጥመኛል። ገማቹ በ7 ቀን ካልጨረሰ ማስታወሻ እንዲላክለት ተፈልጎ ቁርጥራጭ ሰዓት ይቀመጣል፣ ማስታወሻው ከተላከ በኋላ ግን ቀስቱ ተመልሶ ከግመታው በኋላ ካለው ዋና መንገድ ጋር ይቀላቀላል። የማስታወሻው ቶከን ግመታው ሳያልቅ ወደ ፊት ያልፋል፣ እውነተኛው ግመታ ሲያልቅም ሌላ ቶከን ይከተላል። ከቁርጥራጭ ክብ የሚወጣ መንገድ፣ ሌላ በቂ ምክንያት ካልተሰጠ በስተቀር፣ በራሱ ማብቂያ ክስተት ላይ ማለቅ አለበት።

ክስተት የሚጠብቀውን ጌትዌይ በኤክስ መተካት ለምን አይቻልም?

ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው። የኤክስ ጌትዌይ አሁን የታወቀን ነገር ይጠይቃል፤ ክስተት የሚጠብቀው ጌትዌይ ደግሞ የትኛው ነገር ቀድሞ እንደሚደርስ ይጠብቃል። ሰነድ እንዲሟላ ከተጠየቀ በኋላ «ሰነዱ መጣ?» የሚል የኤክስ ጌትዌይ ቢሣል፣ ጥያቄው የሚቀርበው ደብዳቤው እንደወጣ በዚያው ቅጽበት ስለሆነ መልሱ ሁልጊዜ «አልመጣም» ይሆናል። ትክክለኛው አሣሣል ድርብ ክብና አምስት ማዕዘን ያለበት ጌትዌይ ሆኖ፣ አንዱ መንገድ «የጎደለው ሰነድ ደረሰ» ወደሚል ባዶ ፖስታ፣ ሌላው «14 ቀን አለፈ» ወደሚል ሰዓት ሲወስድ ነው። አንዱ ሲደርስ ሌላው ይዘጋል።

ከዚህ ጌትዌይ የሚወጡ ቀስቶች ሁኔታ አይጻፍባቸውም፤ መድረሻቸውም ያዥ ክስተት ወይም የመቀበያ ተግባር ብቻ ነው፣ የመልእክት ክስተትንና የመቀበያ ተግባርን ግን ከአንድ ጌትዌይ ሥር ማደባለቅ አይፈቀድም። በጌትዌዩና በክስተቱ መካከል «ሰነድ መጠበቅ» የሚል ተራ ተግባር ካለ ስህተት ነው።

ደንቡን ጠብቆም የሚያመልጥ ነገር አለ። ሰነዱ ደርሶ ሂደቱ ወደ ምርመራው ሲመለስና አሁንም የጎደለ ከተገኘ፣ ቶከኑ ወደዚያው ጌትዌይ እንደገና ሲደርስ ሰዓቱ ከአንድ ይጀምራል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ወረቀት የሚያመጣ አመልካች ጉዳዩን ያለ ገደብ ሊያቆየው ይችላል። ማኅበሩ ይህን ፈልጎት ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ግን ዑደቱን በሙሉ በንዑስ ሂደት ውስጥ አስገብቶ ሰዓቱን በንዑስ ሂደቱ ጠርዝ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ተራ ማብቂያና ሁሉንም የሚያቆም ማብቂያ እንዴት ይለያያሉ?

ተራው ማብቂያ የሚያጠፋው ወደ እርሱ የደረሰውን ቶከን ብቻ ነው፤ ሂደቱ ራሱ የሚያልቀው የመጨረሻው ቶከን ሲጠፋ ነው። በውስጡ ጥቁር ሙሉ ክብ ያለበት ማብቂያ ግን በዚያ ደረጃ የቀሩትን ቶከኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ስለዚህ ከላይ ባየነው የዋስትና ጉዳይ፣ ዋስትናው በቂ ካልሆነ የቁጠባ ማጣራቱም እንዲቆም ከተፈለገ፣ «ብድር ተከለከለ» የሚለው ማብቂያ ሁሉንም የሚያቆም መሆን አለበት፤ ያኔ ተቆልፎ የሚቀር ቶከን አይኖርም።

ሁለት ነገር ግን ይመርመር። አንደኛ፣ ይህ ማብቂያ ራሱ መልእክት አይልክም፤ የክልከላው ደብዳቤ ከእርሱ በፊት በተግባር ወይም በላኪ ክስተት መውጣት አለበት፣ አለዚያ አመልካቹ ምንም ሳይሰማ ጉዳዩ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ በንዑስ ሂደት ውስጥ ከተቀመጠ የሚያቆመው ንዑስ ሂደቱን ብቻ ሲሆን፣ ዋናው ሂደት በተለመደው መውጫ ይቀጥላል። ሙሉ ብድሩን የዘጋ መስሎት እዚያ ያስቀመጠ ሣይ፣ የተከለከለው ማመልከቻ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያገኘዋል።

የመልእክት ፍሰት የት መሣል ይፈቀዳል?

በሁለት ፑሎች መካከል ብቻ ነው። ፑል በውስጡ ለየሥራ ክፍሉ ሌን በሚባሉ ረድፎች ሊከፈል ይችላል። መነሻው ትንሽ ባዶ ክብ፣ መድረሻው ባዶ ቀስት የሆነው ቁርጥራጭ መስመር በአንድ ፑል ውስጥ ከብድር ክፍል ሌን ወደ ሒሳብ ክፍል ሌን ከተሣለ ስህተት ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በእውነት ደብዳቤ ቢጻጻፉም እንኳ። በአንድ ሂደት ውስጥ ሥራ ከሌን ወደ ሌን የሚሸጋገረው በቅደም ተከተል ፍሰት ነው፣ ወረቀቱም እንደ ሰነድ ምልክት ሊታይ ይችላል። የመልእክት ፍሰት ከጌትዌይ አይነሳም፣ ጌትዌይም ላይ አይደርስም፤ ከመነሻ ክስተት አይወጣም፣ ወደ ማብቂያ ክስተትም አይገባም። ውስጡ ያልታየ ዝግ ፑል ከሆነ መስመሩ ጠርዙን ይነካል፤ ውስጡ ከታየ ግን መልእክቱን የሚልከውን ወይም የሚቀበለውን ተግባር ወይም ክስተት ቢነካ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ማን የራሱ ፑል ይገባዋል የሚለው ነው። የውጭው ገማች ለብዙ ደንበኞች የሚሠራ፣ የራሱ አጀማመርና አጨራረስ ያለው ስለሆነ የተለየ ፑል ይሁን። የሒሳብ ክፍሉ ግን ለዚያው ማመልከቻ የሚሠራ የዚያው ማኅበር አካል ስለሆነ ሌን ይበቃዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የመልእክት ፍሰትን የቅደም ተከተል ምትክ ማድረግ አለ፦ ከገማቹ የሚመጣው መስመር የማኅበሩን ሂደት «ይቀጥላል» ተብሎ ይታሰባል፣ በማኅበሩ ፑል ውስጥ ያለው የመቀበያ ክስተት ግን ከፊቱ ካለው ተግባር ጋር በቀስት አልተገናኘም። የመልእክት ፍሰቶቹን ሁሉ በእጅ ሸፍናችሁ እያንዳንዱ ፑል ለብቻው ከመነሻ እስከ ማብቂያ ሳይቆራረጥ መሄዱን እዩ፤ የተቆረጠ ክፍል ከተገኘ ጥፋቱ ይኸው ነው።

ሶፍትዌሩ ምንም ስህተት ካላሳየ ሞዴሉ ትክክል ነው ማለት ነው?

አይደለም። እንደ `bpmnlint` ያሉ መፈተሻዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ለምሳሌ `no-implicit-split` የሚለው ደንብ ያለ ጌትዌይ የተከፈለን መንገድ፣ `fake-join` ደግሞ ከአንድ በላይ ቀስት ያለ አገናኝ የሚገባበትን ተግባር ያሳያል። እነዚህ ደንቦች የሚያዩት በአንድ ምልክት ዙሪያ ያለውን ቅርጽ ነው። በዋስትናው ምሳሌ ላይ ግን እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም፤ ስህተቱ ያለው በሩቅ ባሉት ምልክቶች ግንኙነት ላይ ነው። ቶከን የሚያንቀሳቅሰው `bpmn-js-token-simulation` የተባለው ቅጥያ ይህን ለማየት ይረዳል፣ የትኛውን መንገድ መሞከር እንዳለበት የሚመርጠው ግን ገምጋሚው ነው።

እያንዳንዱ ፑል ለብቻው ትክክል ሆኖ ሁለቱ አብረው ሊቆለፉ ይችላሉ?

ይችላሉ። የማኅበሩ ፑል ብድሩ ከተፈቀደ በኋላ «የአገልግሎት ክፍያ ደረሰ» የሚል ክስተት ይጠብቅና ከዚያ የውል ረቂቁን ይልካል እንበል። የአመልካቹ ፑል ደግሞ «የውል ረቂቅ ደረሰ» የሚለውን ጠብቆ፣ አንብቦ፣ ከዚያ ክፍያውን ይልካል። ሁለቱም ለየብቻቸው እንከን የላቸውም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን እያየ ይቆማሉ። ይህን ለመያዝ በእያንዳንዱ ፑል ውስጥ አንድ አንድ ሳንቲም አድርጎ ሁለቱን በተራ ማንቀሳቀስ፣ ባዶ ፖስታ ላይ ሲደረስም የሚጠበቀው መልእክት ከወዲያ በኩል አስቀድሞ መላኩን ማረጋገጥ ነው።

መንገድ የሚመርጥ ጌትዌይ ባለበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ማኅበሩ ማመልከቻውን በሦስት መንገድ መዝጋት ከቻለ፣ የአመልካቹ ፑል ሦስቱንም መልስ ሊቀበል በሚችል ክስተት ጠባቂ ጌትዌይ ላይ መቆም አለበት። የፈቃድ ደብዳቤን ብቻ የሚጠብቅ አመልካች ሲከለከል የራሱ ሂደት አይጨርስም።

መልእክቱ ማንም በማይጠብቀው ጊዜ ቢደርስ ሞዴሉ ምን ማሳየት አለበት?

አብዛኛው ሞዴል ምንም አያሳይም፣ ገምጋሚዎችም አይጠይቁም። ያዥ ክስተት መልእክት የሚቀበለው ቶከን እርሱ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። አመልካቹ ከተጠየቀው ሁለት ሰነድ አንዱን ሰኞ፣ ሌላውን ረቡዕ ቢልክ፣ የሰኞው ቶከኑን ወደ ምርመራ ያሳልፈዋል፤ የረቡዑ ሲደርስ የሚቀበለው የለም። ሂደቱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር መልእክቱን ለጊዜው ያቆየዋል ወይስ ይጥለዋል የሚለው ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ ከሥዕሉ ብቻ መልሱን ማንበብ አይቻልም። ሂደቱ ገና ሳያልቅ ለሚመጣ ሰነድ መፍትሔው በማያቋርጥ የመልእክት መነሻ የሚጀምር የክስተት ንዑስ ሂደት ነው፤ ዋናው ሥራ ሳይቆም ሰነዱ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የመጣ ሰነድ ግን በዚህ አይያዝም፤ ጉዳዩ «ሳይሟላ ተዘጋ» በሚለው ማብቂያ አልፎ ሂደቱ ራሱ የለም። ያ ሰነድ አዲስ ማመልከቻ ይሆናል፣ ወይስ የተዘጋው ፋይል ይከፈታል? አዲስ ማመልከቻ ከሆነ የመዝጊያው ደብዳቤ ይህን ለአመልካቹ መናገር፣ ሰነዱም ወደ «የብድር ማመልከቻ ደረሰ» መነሻ መሄድ አለበት። የተዘጋው ፋይል የሚከፈት ከሆነ «ዘግይቶ የመጣ ሰነድ ደረሰ» የሚል ሌላ መነሻ ክስተት ያስፈልጋል፤ የድሮውን ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ተግባርም ከእርሱ ቀጥሎ ይሣላል። ይህኛው መነሻ ከመጀመሪያው ጋር በመደመር ጌትዌይ ሊገናኝ ግን አይገባም፤ እያንዳንዱ መነሻ የየራሱን ሂደት ለብቻው ስለሚያስጀምር፣ አገናኙ ሁለተኛውን ቶከን ሲጠብቅ ይኖራልና።